ለወላጆቻችን 35ኛ የጋብቻ ዓመት አምስታችን አንድ ላይ ምን እንስጣቸው? (ጎጃም፣ ቢቡኝ)

የጮቄ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናትና አባታችን የተጋቡት በጥር 1983 ነው። ቀኑን የሚያስታውሱት በወረቀት አይደለም። እናቴ «የጥምቀት ማግስት፣ ሚካኤል ነበር፤ የመንግሥት ጦር ከጎጃም ሳይወጣ» ትላለች። ኢህአዴግ ጎጃም የገባው በየካቲት ስለሆነ ሒሳቡ ይገጥማል። ስለዚህ በመጪው ጥር 12፣ 2018 ዓ.ም. 35 ዓመት ይሞላቸዋል።

አምስት ልጆች ነን። ታላቃችን እዚያው ከእነሱ ጋር ያርሳል። እኔ ባሕር ዳር አስተምራለሁ። አንዱ አዲስ አበባ ባንክ ይሠራል። እህታችን አሜሪካ ናት። የመጨረሻው ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ስጦታው የሁላችን እንዲሆን እንፈልጋለን። እህቴ «30,000 ብር እልካለሁ፣ የፈለጋችሁትን ግዙ» ብላለች። ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ዝምታውን ስለማውቀው አልወደድኩትም።

እስካሁን የመጡት ሐሳቦች ቴሌቪዥን፣ የውሃ ጋን፣ የወተት ላም እና ጋቢ ናቸው። እኔ ለሁለቱም ጥሩ ጋቢ ማሠራቱ ላይ ነኝ፤ አገሩ ብርድ ነው። ግን ስለ ሽመና የማውቀው የለም። ምን ትላላችሁ?

ዳሞት ነኝ
እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! ለሙሽራዋ ወገን የሚሰጠውን ከሽማግሌዎቹ ጋር ብትነጋገር ይሻላል። በእኛ በኩል ለአማት ቀሚስና ለአማች ጋቢ አይቀርም። ካባውንም ተከራይ እንጂ አትግዛ።

የጮቄ ልጅ
ኧረ ሰርጉ የኔ አይደለም፤ የወላጆቼ ነው፤ እሱም ካለፈ 35 ዓመቱ 😄

ዳሞት ነኝ
ውይ! በችኮላ ነው ያነበብኩት። ይሁን፣ ካባው ለአንተም ቀን ይጠቅምሃል።

ማሚት ከፍኖተ ሰላም
እኛ ሰባት እህትና ወንድም ሆነን ለእናትና አባታችን ፍሪጅ ገዝተን ነበር። ትልቅ፣ ባለ ሁለት በር። መብራቱ ሲመጣና ሲሄድ ሞተሩ ተቃጠለ። አሁን እናቴ በርበሬና ሽሮ ታስቀምጥበታለች። ደግሞ ሲቆለፍ ጥሩ ነው፣ አይጥ አይገባም ትላለች። በስጦታው ደስ ብሏታል፤ ፍሪጅ ስለሆነ ግን አይደለም። ለማለት የፈለግሁት መብራቱንም ጠይቁ።

አባይ ማዶ
ፈረንጆች ለ30ኛው ዕንቁ፣ ለ35ኛው ኮራል ይሰጣሉ። ኮራል የአንገት ጌጥ ለእናታችሁ አስቡ።

ማሚት ከፍኖተ ሰላም
የቢቡኝ እናት ኮራል አንገቷ ላይ አድርጋ ገበያ ስትወጣ ታየኝ። «ይኼ ምን የሚባል ጨሌ ነው?» ብለው አይለቋትም።

የደጋ ሰው
ጋቢው ላይ እስማማለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ጋቢ ማለት ድሩም ማጉም በእጅ የተፈተለ ነው። የፋብሪካ ክር ከገባበት ጋቢ ሳይሆን አንሶላ ነው። ሸማኔው ሲያስረክብህ ደግሞ በእጅህ መዝነው። ከከበደህ ጥሩ ነው፣ ከቀለለህ መልስለት።

የሸማኔ ልጅ ማርቆስ
የደጋ ሰው፣ ግማሹን ልክ ነህ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ ሲሸምን ነው ያሳደገኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ድር ማለት መጀመሪያ የሚወጠረው፣ በርዝመቱ የሚሄደው ክር ነው። እሱ በየምቱ ይሳባል፣ ይፈተጋል። የእጅ ፈትል እኩል ስላልሆነ ቀጭኑ ቦታ ላይ ይበጠሳል። ዛሬ አብዛኛው ሸማኔ ለድር የፋብሪካ የጥጥ ክር የሚጠቀመው ለዚህ ነው። ማታለል አይደለም። ጋቢውን የሚያወፍረውና የሚያሞቀው ማጉ ነው፤ በመወርወሪያ በአግድም የሚገባው። የእጅ ፈትል መሆን ያለበት እሱ ነው። የእጅ ፈትል ለስለስ ብሎ ስለሚከር በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ሙቀቱ ከዚያ ነው።

የሚያሳስበው የፋብሪካ ክር መግባቱ አይደለም። ጥጥ ያልሆነ ክር መግባቱ ነው። ሱቅ ላይ ሲያብረቀርቅ ዓይን ይስባል፣ ግን ላብ አይጠጣም፣ አያሞቅም። መለየቱ ቀላል ነው። ከጫፉ አንድ ክር ምዘዝና በክብሪት ለኩስ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፣ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ነው። ፕላስቲክነት ካለው ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ጫፉ ላይ ጠጣር ጥቁር ዶቃ ይሠራል። ድሩንም ማጉንም ለየብቻ ለኩስ። አንዱን ብቻ አይተህ አትመን።

የእጅ ፈትል መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ከማጉ አንድ ስንዝር ክር ይዘህ በተከረረበት ተቃራኒ አዙረው። የእጁ ወፈር ቀጠን ይላል፣ ሲፈታም ተልፈስፍሶ ባዘቶ ይመስላል። የፋብሪካው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው።

ስለ ክብደቱ ግን አልስማማም። አንዳንድ ሸማኔ ድሩ እንዳይበጣጠስ ሙቅ ያስነካዋል። አዲሱ ጋቢ ደረቅ ብሎ የሚከብድህ ከዚያ የተነሣ ሊሆን ይችላል። አንዴ ሲታጠብ ሙቁ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ጥሩውን የምታውቀው በምቱ ነው። ሁለት አውራ ጣትህን ጎን ለጎን አድርገህ ጨርቁን ወደ ግራና ቀኝ ሳብ አድርገው። ማጉ ተንሸራቶ መስኮት ከከፈተልህ በደንብ አልተመታም። ወደ ብርሃን አንሥተህም እይ። አንድ ቦታ ጥቅጥቅ፣ አንድ ቦታ ሳሳ ካለ ሸማኔው ቸኩሏል።

የደጋ ሰው
የድሩን ነገር ተቀበልኩ። ክብደቱን ግን አልለቅም። አያቴ በእጇ መዝና ነበር የምትገዛው፣ ተሸውዳም አታውቅም።

የሸማኔ ልጅ ማርቆስ
አያትህ ስትመዝን በጣቷም ትዳብስ ነበር፤ አንተ መመዘኗን ብቻ አይተህ ነው 🙂

የጮቄ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ይኼን ነበር የምፈልገው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አሁን ጥቅምት ነው፣ ይደርሳል? ልኩንስ እንዴት ልያዝ? አባቴ በጣም ረጅም ነው። ጠይቄው ከሆነ ነገሩ ይታወቅብኛል።

የሸማኔ ልጅ ማርቆስ
ጊዜው ይበቃል፣ ግን ቀናችሁ ክፉ ቦታ ላይ ነው የወደቀው። ጥር 12 ማለት ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያለ አገሩ ሁሉ ሸማኔው ደጃፍ ላይ ይኮለኮላል። አንድ ጋቢ ድሩ ከተዘጋጀ ሽመናው ራሱ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ጊዜ የሚበላው ተራ መጠበቁ ነው። ስለዚህ ለሸማኔው «ለጥር 12» አትበለው። «ለገና» በለው። ለገና ያለው ለጥምቀት ቢደርስ እንኳ ታጥቦ ለመድረስ ጊዜ አለው። ቀብድ ስጥ፣ ሙሉውን ግን አትክፈል። ሙሉውን የከፈለ ሰው ወረፋው መጨረሻ ላይ ራሱን ያገኘዋል። አባቴ ይህን ሲሰማ ይስቅ ነበር፤ ግን አልካደም።

ለልኩ የአባትህን አሮጌ ጋቢ ተጠቀም። ታላቅ ወንድምህ ሲታጠብ ወይ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ርዝመቱንና ወርዱን በገመድ ይለካና ቋጠሮ ያድርግበት። ግን ልብ በል፤ አሮጌው ታጥቦ ታጥቦ ተሰብስቧል። አዲሱም ይሰበሰባል። ስለዚህ በገመዱ ላይ ቢያንስ ስንዝር ጨምር። ለረጅም ሰው ከዚያም በላይ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ የምትጨምረው እያንዳንዱ ስንዝር አራት እጥፍ ማግ ይበላል። ሸማኔው ዋጋ ሲጨምርብህ «ለስንዝር?» ብለህ አትጣላው።

ፈታይ ነኝ
እኔ ደግሞ ከማጉ በኩል ልምጣ። እስከ ጥር ድረስ ለሁለት ጋቢ የሚበቃ አዲስ ማግ ማስፈተል አይታሰብም። ጥጡን ማዳመጥ፣ በደጋን መንደፍ፣ አመልማሎ ማድረግ፣ ከዚያ በእንዝርት መፍተል አለ። አንዲት ሴት በቤት ሥራ መካከል የምትፈትለው ስለሆነ ወራት ይወስዳል። የተፈተለ ማግ ገበያ ላይ አለ፣ ከሴቶቹ ግዙ። ሸማኔው ራሱ «ማጉን እኔ እችላለሁ» ካለ ግን አሳየኝ በሉት። ስትገዙ ልቃቂቱን ላዩን ብቻ አትዩ። ላዩ ሸጋ ሆኖ ውስጡ ወፍራምና ቆሻሻ የሚጠቀለልበት ጊዜ አለ። ትንሽ ተርትራችሁ እዩ። ለሸማኔ ስትሰጡም አስመዝናችሁ ስጡ። የተረፈውን ይመልስላችኋል። ታማኙ ሳትጠይቁት ይመልሳል።

የጮቄ ልጅ
እናቴ እኮ ትፈትላለች! ሳጥኗ ውስጥ ሙሉ ልቃቂት አለ። ለዓመታት የተጠራቀመ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቀስ ብሎ ቢያወጣውና ከዚያ ቢሠራ፣ በራሷ ፈትል የተሠራ ጋቢ ስናለብሳት አይበልጥም?

ፈታይ ነኝ
ተው ወንድምዓለም! ሳጥኗን አትንኩ። ያ ፈትል ለምን እንደተቀመጠ አታውቁም። ለታናሽህ ሠርግ ይሆናል። አንዳንድ እናት ደግሞ ለመገነዣዋ ብላ በራሷ እጅ የፈተለችውን ለይታ ታስቀምጣለች፣ ለማንም አትናገርም። ጎድሎ ስታገኘው ምን እንደሚሰማት አስቡ። ወይ ጠይቋት፣ ወይ ከገበያ ግዙ።

ማሚት ከፍኖተ ሰላም
ከጠየቋት ግን ድንገተኛነቱ ቀረ።

ፈታይ ነኝ
ይቅር። ድንገተኛ የሚባለው ነገር የእናንተ ነው እንጂ የእሷ አይደለም። የአገር እናት ስጦታው ከመድረሱ በፊት ስለ ስጦታው ማውራት ትወዳለች።

ቄስ ሰፈር
ወገኖቼ፣ ዋናውን ረሳችሁት። ወላጆቻችሁ በሰማንያ ነው ወይስ በቁርባን ያሉት? በሰማንያ ከሆኑ 35 ዓመት የኖሩ ሰዎች የሚገባቸው ስጦታ መቁረብ ነው። እኛ ያደረግነው ይህን ነው። ልጆች ተሰብስበን አቆረብናቸው፣ ድግሱን ደገስን።

የሸማኔ ልጅ ማርቆስ
አባ፣ መልካም ነው። ግን ይህ የባልና ሚስቱና የንስሐ አባታቸው ጉዳይ ነው። ልጆች አዋጥተው የሚሰጡት አይደለም። ጫና ሊሆንባቸው ይችላል።

ቄስ ሰፈር
ጫና አላልኩም። ማሳሰብ ግን የልጅ ወግ ነው። እኔ በዚህ አቋሜን አልቀይርም።

የጮቄ ልጅ
ከንስሐ አባታቸው ጋር ታላቅ ወንድሜ ይነጋገር ይሆናል፣ እኔ አልገባበትም። አሁን የሚያስጨንቀኝ የገንዘቡ ነገር ነው። ማርቆስ ያለው ታናሼ ሸማኔ አነጋግሮ ሁለቱን ጋቢ ከነማጉ 14,000 ብሎታል፣ የአባቴን ርዝመት ጨምሮ። ማድረሻና ሌላ ወጪ ተደምሮ 15,000 ብር ይሆናል። እህቴ «እኔ ልቻለው» ትላለች። እሷ ብቻዋን ከቻለችው ግን የእሷ ስጦታ ነው፤ እኛ አድራሾች ነን።

እታለም ከደጀን
እዚህ ላይ እኔ ልናገር። ስድስት ሆነን ለወላጆቻችን ቤቱን ቆርቆሮ ስናለብስ ይህ ነገር ሊያጣላን ነበር። ሁለት ኪስ አድርጉት። አንደኛው የጋቢው ነው። እሱ እኩል ይሁን። 15,000 ለአምስት 3,000 ነው። ከዚህ በላይ ማንም አይጨምርበት፣ አሜሪካም ያለች ብትሆን። ሁለተኛው የቀኑ ድግስ ነው። እዚያ ላይ እህትህ እጇ እንዳመጣ ትስጥ፣ ማንም አይቆጥርም። እንዲህ ሲሆን ጋቢው የሁላችሁ ነው። እሷም ቸርነቷን የምታወጣበት ቦታ አላጣችም።

አሁን 3,000ውን ማን መቼ ይከፍላል? ታላቅ ወንድምህ ገበሬ ነው። በጥቅምት እህሉ ገና ማሳ ላይ ነው፣ ኪሱ ባዶ ነው። ዛሬ አዋጣ ብትሉት ወይ ይበደራል ወይ ያፍራል። ዝም ያለው ለዚህ ይመስለኛል። በታኅሣሥ ከውቂያ በኋላ ሲሆን ግን ይሸጣል፣ ይሰጣል። ስለዚህ ቀብዱን ደሞዝ ያላችሁ ሁለታችሁና እህታችሁ አሁን ስጡ። ሦስት ጊዜ 3,000 ማለት 9,000 ነው፣ ከግማሽ በላይ ነው። የታላቅህ ድርሻ ጋቢው ሲረከብ ይከፈል። ተማሪው ከሌለው ባንክ ያለው ያበድረው። ግን ብድር ይሁን፤ «ተወው» አትበሉት። ሸማኔው ቤት እየተመላለሰ የሚነዘንዘውም እሱ ነው፣ ያ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ።

የጮቄ ልጅ
እታለም፣ ታላቅ ወንድሜን በዓይንሽ ያየሽው ነው የሚመስለው። ትናንት ደወልኩለትና «በታኅሣሥ ብትሰጠን ይበቃል» አልኩት። ወዲያው ድምፁ ተቀየረ። «ሙክቱም የኔ ነው፣ እዚያ ላይ ማንም እጁን እንዳያስገባ» አለ።

አባይ ማዶ
ሙክት ካላችሁ ቀኑን እዩ። ጥር 12 ጾም ላይ እንዳይውል።

ቄስ ሰፈር
ዘንድሮ ጥምቀት ሰኞ ነው። ጥር 12 ማክሰኞ ይሆናል፣ ቃና ዘገሊላ ነው። ፍስክ ነው፣ አትስጉ።

እታለም ከደጀን
ለአሜሪካዋ ግን በፈረንጁ ንገሯት። ዘንድሮ ጃንዋሪ 20 ነው። በ2016 ግን ጥር 12 ጃንዋሪ 21 ነበር። እኔ የማውቃት ሴት ከድሮ ካላንደር አይታ ቲኬት ቆርጣ በአንድ ቀን ተዛንፋለች። ከሥራ የምትመጡትም ፈቃድ ጠይቁ፤ የሥራ ዝግ የሚሆነው ጥምቀት ነው እንጂ ማግስቱ አይደለም። መንገዱም አንዳንዴ ስለሚዘጋ በዋዜማው እደርሳለሁ አትበሉ።

የጮቄ ልጅ
አንድ ሐሳብ ደግሞ ከእህቴ መጣ። በጥለቱ ላይ አምስት ቀለም ይግባ፤ ለእያንዳንዳችን አንድ። እኔ ወደድኩት። ታላቅ ወንድሜ ግን «እናታችን ስድስት ነው የምትቆጥረው» አለ። አንድ በሕፃንነቱ የሞተ ወንድም ነበረን። አምስት ብናደርግ ሳትቆጥር አትቀርም። ስድስት ብናደርግ ደግሞ በዚያ ቀን እንዳናስለቅሳት እፈራለሁ።

ፈታይ ነኝ
ስድስት አድርጉ። እናት ናት፤ ብታለቅስም የሷ ነው።

ማሚት ከፍኖተ ሰላም
እኔ አንድ ቀለም ባደርግ ይሻለኛል። ሁሉም ሰላም ይሆናል።

የሸማኔ ልጅ ማርቆስ
በዚህ አልገባም፣ የቤተሰብ ነው። ከእጅ ሥራው በኩል ግን ልናገር። ለጋቢ ጥለት ጠባብ ነው። ስድስት ቀለም ከገባ እያንዳንዱ እንደ ክር ነው የሚታየው። ለአባትህ እንዲያውም ያምርበታል፣ የደጋ ሽማግሌ የሚንቦገቦግ አይወድም። የምሰጋው ቀለሙ እንዳይለቅ ነው። ነጭ ላይ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ከለቀቀ አይድንም። ሸማኔው ሳይጀምር የእያንዳንዱን ቀለም ክር ቁራጭ ውሰድ። በውሃ አርጥበህ ነጭ ጨርቅ ላይ አጥብቀህ እሸው። ነጩ ከተነካ ያን ቀለም አስቀይር። ጋቢው ካለቀ በኋላ ይህን ብታውቅ ምንም አታደርግም።

ከተረከባችሁ በኋላም ጫፉ መቋጨቱን እዩ። ሳይቋጭ የሚያስረክብ አለ፣ «ሴቶቹ ቤት ይቋጩታል» እያለ። ከዚያ አንድ ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ሳትጠመዝዙ አስጡት። ሙቁ ይወጣል፣ ይሰበሰባል፣ ይለሰልሳል። ለዚህም ነው ለገና ይድረስ ያልኩህ። ሽማግሌ ላይ ሳይታጠብ የሚለበስ ጋቢ አንገት ይከረክራል።

የደጋ ሰው
አለመታጠቡ ነው እንጂ አዲስነቱ የሚታወቀው! ለስጦታ አዲስ ሲሸት ነው የሚያምረው። እኔ ሳላጥብ ነው የምሰጠው።

የሸማኔ ልጅ ማርቆስ
የአንተን አንተ አድርግ የኔ ጌታ። እኔ ግን በአሮጌ ገመድ ለክተው ለሠሩት ጋቢ ልኩ መድረሱን ሳያጥቡ እንዴት ያውቁታል? አጥሮ ካገኙት ገና ማስጨመር ይቻላል። ጥር 12 ቀን አባትየው ትከሻ ላይ ሲያርፍ ነው ማጠሩን የሚያዩት?

የጮቄ ልጅ
እናጥበዋለን። ቀብዱ ዛሬ ገብቷል፣ 9,000። ታላቅ ወንድሜ ገመዱን ለክቶ ቋጥሮ በደምበጫ በሚመጣ ሰው ማርቆስ ልኮታል። ሁለት ገመድ ነው፣ የአባቴ ቀዩ ነው። የእናቴን ሳጥን አልነካንም። ግን ትናንት ስደውልላት ራሷ «ለማን ነው ልቃቂት የምትጠያይቁት?» አለችኝ። ማን እንደነገራት እግዜር ይወቅ። ማርቆስ ያለውን ታናሼን እጠረጥራለሁ።

ማሚት ከፍኖተ ሰላም
ምን አልካት?

የጮቄ ልጅ
ለትምህርት ቤት ነው አልኳት። «ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው ጋቢ የሚለብስ?» ብላ ስልኩን ዘጋችው። የቀለሙን ነገር ገና አልወሰንም። ሸማኔው እስከ ኅዳር ሚካኤል ድረስ ንገሩኝ ብሏል፣ እስከዚያ ከእህቴ ጋር እንጨቃጨቃለን።